BID እና PRN፦ የመድኃኒት ማዘዣ ላይ ያሉት ፊደላት ለታካሚው ምን ይነግሩታል?

ጥርሱ መግል ይዞ ያበጠ አንድ አዋቂ ሰው ከሐኪም ሲወጣ እንዲህ ያለ ማዘዣ ይዞ ሊሆን ይችላል፦

```
Amoxicillin 500 mg cap
1 cap PO TID for 7 days  #21

Paracetamol 500 mg tab
2 tab PO Q6H PRN for pain
```

ሰውየው የመድኃኒቱን ስም ያውቀው ይሆናል። ከስሙ ቀጥሎ ያሉት ፊደላት ግን ለእሱ የተጻፉ አይመስሉትም። እውነትም ሐኪሙ የጻፋቸው ለፋርማሲስቱ ነው። ቢሆንም መድኃኒቱን ቤት ወስዶ የሚውጠው ሰውየው ስለሆነ፣ ትርጉማቸውን ማወቅ ያለበት እሱም ነው።

ፊደላቱ ከላቲን የመጡ ናቸው። የአውሮፓ ሐኪሞች ለረጅም ዘመን ማዘዣ የሚጽፉት በዚያ ቋንቋ ነበር። PO ማለት በአፍ የሚወሰድ ነው። BID «ቢስ ኢን ዲኤ» ከሚለው የተወሰደ ሲሆን በቀን ሁለት ጊዜ ማለት ነው። TID በቀን ሦስት ጊዜ፣ QID ደግሞ በቀን አራት ጊዜ ነው። AC ከምግብ በፊት፣ PC ከምግብ በኋላ ማለት ናቸው። STAT ካዩ አሁኑኑ፣ አንድ ጊዜ የሚሰጥ ነው። # ያለበት ቁጥር የሚሰጠው ፍሬ ብዛት ነው። ሰውየው በቀን ሦስት ካፕሱል ለሰባት ቀን ስለታዘዘለት 21 ፍሬ መቀበል አለበት። ቤት ደርሶ ሲቆጥረው 20 ከሆነ ወይም በአምስተኛው ቀን ካለቀበት፣ የሆነ ቦታ ስህተት አለ ማለት ነው።

በቀን ሦስት ጊዜ ሲባል ብዙ ሰው ከቁርስ፣ ከምሳና ከእራት ጋር ያያይዘዋል። ቁርስ ጠዋት 2 ሰዓት፣ ምሳ 7 ሰዓት፣ እራት ማታ 2 ሰዓት ነው እንበል። በመካከሉ ያለውን ርቀት ብንቆጥር 5 ሰዓት፣ 7 ሰዓት፣ ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ 12 ሰዓት ይሆናል። አሞክሲሲሊን ደግሞ ከሰውነት ቶሎ የሚወጣ መድኃኒት ነው። ባክቴሪያውን የሚያጠቃውም በደም ውስጥ በቂ መጠን ሆኖ በሚቆይበት ሰዓት ልክ ነው። ስለዚህ በተቻለ መጠን ማራራቅ ይሻላል። ጠዋት 12 ሰዓት፣ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ማታ 4 ሰዓት ቢሆን እኩል ስምንት ስምንት ሰዓት ይመጣል። ሐኪሙ ልዩነቱ ጥብቅ እንዲሆን ሲፈልግ TID በሚለው ፈንታ Q8H ይጽፋል፤ በየ8 ሰዓቱ ማለት ነው። Q6H በየ6 ሰዓቱ፣ Q12H በየ12 ሰዓቱ ነው። ጾም ይዞ እስከ 9 ሰዓት የማይበላ ሰው ይህን ገና ማዘዣው ሲጻፍ መናገር አለበት። ሐኪሙ ሰዓቱን ሊያስተካክልለት ወይም በቀን አንዴና ሁለቴ የሚወሰድ ሌላ ሊያዝለት ይችላል። የቀኑን መጠን ሰብስቦ ማታ መዋጥ ግን መፍትሔ አይሆንም።

እስካሁን ያየናቸው፣ መቼና ስንት ጊዜ እንደሚወሰድ የሚነግሩት ፊደላት ሁሉ ከሰዓት ጋር የታሰሩ ናቸው። ቢያምህም ባያምህም ሰዓቱ ሲደርስ ትወስዳለህ። PRN የተለየ ነው። ላቲኑ «ፕሮ ሬ ናታ» ሲሆን ቃል በቃል «ነገሩ ሲወለድ» እንደማለት ነው። ሕመሙ፣ ማቅለሽለሹ ወይም ማሳከኩ ሲመጣ ብቻ ውሰድ፣ ካልመጣ ተወው ይላል። ውሳኔውን ለታካሚው የሚተው እሱ ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት ለብቻው ቆሞ አይበቃም። ለምን ሕመም እንደሆነ፣ በምን ያህል ልዩነት እንደሆነ፣ በቀን ከስንት እንዳያልፍ አብሮ መነገር አለበት።

የሰውየውን ፓራሲታሞል እንይ። ሁለት ፍሬ አንድ ግራም ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ወስዶ ሕመሙ 4 ሰዓት ላይ ቢመለስ፣ Q6H ስለሚል እስከ 8 ሰዓት መጠበቅ አለበት። PRN ማለት «ሲያሰኝህ» ማለት አይደለም። ለጤነኛ አዋቂ የቀኑ ጣሪያ 4 ግራም፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊግራሙ 8 ፍሬ ነው። ጉበቱ የታመመ፣ አልኮል የሚያዘወትር ወይም ክብደቱ አነስተኛ የሆነ ሰው ጣሪያው ከዚህ ዝቅ ይላል። አሁን ይኸው ሰው ጉንፋንም ያዘው እንበል። ያለ ማዘዣ የገዛው የጉንፋን መድኃኒት በእያንዳንዱ ፍሬ ውስጥ 500 ሚሊግራም ፓራሲታሞል አለው። 8ቱን ጨርሶ ከዚህም ሦስት ፍሬ ቢጨምር 5.5 ግራም ደረሰ። የጉበት ጉዳቱ በመጀመሪያው ቀን ምንም ምልክት ላያሳይ ስለሚችል፣ ሕመም እስኪሰማ ሳይጠበቅ ወዲያው ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል።

ከዚህ የበለጠ የሚያሳስበኝ ግን ተቃራኒው ነው፤ BID የተባለውን እንደ PRN መውሰድ። ፋርማሲ መስኮት ላይ እንዲህ ያለ ንግግር ብርቅ አይደለም።

«እማማ፣ የግፊቱን መድኃኒት እንዴት ነው የሚወስዱት?»

«ራሴን ሲያመኝ ነዋ ልጄ። ዝም ብዬማ ምን ያስውጠኛል?»

ማዘዣው ኢናላፕሪል ጠዋትና ማታ አንድ አንድ፣ BID ነው የሚለው። እማማ ግን በሳምንት ሁለቴ ነው የሚውጡት። ግፊት ከፍ ብሎም ራስን ላያም ይችላል፤ ብዙ ጊዜም አያምም። መድኃኒቱ የሚሠራው በየቀኑ ሲወሰድ ነው። ሲተዉት ግፊቱ ተመልሶ ይወጣል። ሐኪሙ በቀጣዩ ቀጠሮ ለክቶ ከፍ ብሎ ሲያገኘው «መድኃኒቱ አልሠራም» ብሎ መጠኑን ሊጨምር ይችላል። እማማ በጠየቋቸው ጊዜ እውነቱን ከተናገሩ ግን ያ ሁሉ ይቀራል። አንድ ጊዜ የረሳ ሰውም ለሚቀጥለው ደርቦ ሁለት መዋጥ የለበትም።

ራሳቸው ፊደላቱ የሚያሳስቱበትም ጊዜ አለ። OD በእኛ አገር ማዘዣ ላይ በቀን አንዴ ማለት ነው። በአሜሪካ የዓይን ሐኪም ወረቀት ላይ ግን ቀኝ ዓይን ማለት ነው። ለኢንሱሊን ዩኒት የምትጻፈው U በእጅ ጽሑፍ ዜሮ ትመስላለች፤ 10U የነበረው 100 ተብሎ ሊነበብ ይችላል። በ2004 በፈረንጆች አቆጣጠር የአሜሪካ ሆስፒታሎችን ጥራት የሚገመግመው ጆይንት ኮሚሽን U፣ IU፣ QD እና QOD ማዘዣ ላይ እንዳይጻፉ ብሎ ዘረዘራቸው። QD በየቀኑ፣ QOD ደግሞ በየሁለት ቀኑ አንዴ ማለት ናቸው፤ ልዩነታቸው አንዲት O ናት።

አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን ብልቃጡ ላይ የሚያገኙት ፊደል ሳይሆን የተዘረዘረ እንግሊዝኛ ነው። እዚያ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። 8 AM ሲል ጠዋት 2 ሰዓት ማለት ነው። የአገር ቤት አቆጣጠር የለመዱ እናት ግን 8 ሰዓት ብለው ከምሳ በኋላ ሊጠብቁ ይችላሉ። ልጆች ለእናት ለአባታቸው ሲያነቡላቸው በሁለቱም አቆጣጠር ቢነግሯቸው ይመረጣል።

አገር ቤት ፋርማሲስቱ ብዙ ጊዜ ፊደላቱን ወደ 1×3 ወይም 1×2 ለውጦ ፓኮው ላይ ይጽፍልዎታል፤ አንድ ፍሬ በቀን ሦስቴ፣ አንድ ፍሬ በቀን ሁለቴ ነው። ከመስኮቱ ሳይርቁ መልሰው በራስዎ አፍ ይንገሩት፦ «ጠዋት 12 ሰዓት፣ ቀን 8 ሰዓት፣ ማታ 4 ሰዓት አንድ አንድ፣ ለሰባት ቀን። ይሄኛው ደግሞ ሲያመኝ ብቻ ሁለት፣ ከስድስት ሰዓት በፊት አልደግምም።» የተሳሳተ ነገር ካለ እዚያው ያርምዎታል።