የሆድ መጮኽ፦ በረሃብ ጊዜ የሚሰማው ድምፅ ከየት ይመጣል?

የሆድ መጮኽ ጨጓራና አንጀት በውስጣቸው ያለውን አየርና ፈሳሽ እየጨመቁ ሲገፉ የሚፈጠር ድምፅ ነው። አማርኛ ተናጋሪ ሲርበው «ወስፋቴ ጮኸ» ይላል፤ ወስፋት በትንሹ አንጀት የሚኖር ክብ ትል ስለሆነ አባባሉ ጩኸቱን ለትሉ ሰጥቶታል። ትሉ ድምፅ የሚያወጣበት አካል የለውም። ሆኖም ድምፁን ከጨጓራ አውርዶ አንጀት ውስጥ ማስቀመጡ ለእውነቱ የቀረበ ነው፤ የምንሰማው ጉርምርምታ ጥቂት የማይባለው ከትንሹ አንጀት የሚነሳ ነውና። የጥንት ግሪኮች ቦርቦሪግሞስ ይሉት ነበር፤ ድምፁን የሚመስለው ይህ ቃል በሕክምና መጻሕፍት እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

ድምፁ እንዲፈጠር ሦስት ነገሮች በአንድነት መገኘት አለባቸው፦ የሚጨመቅ ጡንቻ፣ ፈሳሽና አየር። የጨጓራና የአንጀት ግድግዳ ጡንቻ ብቻውን ሲኮማተር ለጆሮ የሚበቃ ድምፅ አያወጣም። ፈሳሹ የምራቅ፣ የጨጓራ አሲድ፣ የሐሞትና የአንጀት ፈሳሽ ድብልቅ ሲሆን፣ አየሩ በአብዛኛው ስንውጥና ስናወራ አብሮ የገባ ነው፤ ጥቂቱም አሲዱ ሲበረዝ ወይም ባክቴሪያዎች የምግብ ትራፊ ሲያብላሉ ይፈጠራል። ጡንቻው ይህን ድብልቅ በጠባብ መንገድ ሲያሳልፈው አረፋዎች ይፈጠራሉ፣ ይሰነጠቃሉ፣ ይጋጫሉ። ውኃ ከጀሪካን ሲቀዳ የሚሰማው ቡልቅ ቡልቅታ ምክንያቱ ይኸው ነው። አፉ ድረስ የተሞላ ጀሪካን ቢወዘወዝ ድምፅ የለውም፤ ግማሹ ብቻ ውኃ የያዘ ጀሪካን ግን አህያ ላይ ተጭኖ ሲሄድ ከሩቅ ይሰማል። ሆድም ሲጠግብ እንደ መጀመሪያው ነው፤ አንጀቱ በዚያን ጊዜ አብዝቶ ቢሠራም በውስጡ ያለው ወፍራም ምግብ ድምፁን ያፍነዋል። ሲርበን የሚጎላው እንግዲህ እንቅስቃሴው ከጥጋብ ጊዜ ስለበዛ ሳይሆን የሚያፍነው ነገር ስለሌለ ነው።

ባዶ ሆድ ለምን ይኮማተራል ለሚለው ጥያቄ መልሱ የመጣው ቀስ በቀስ ነው። በሃያኛው መቶ ዘመን መግቢያ በሴንት ፒተርስበርግ፣ በኢቫን ፓቭሎቭ ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው ቦልዲሬቭ ምግብ ያልበሉ ውሾችን ሲከታተል፣ ጨጓራቸው ለ20 ወይም ለ30 ደቂቃ ይኮማተርና ከዚያ ለአንድ ሰዓት ተኩል ወይም ለበለጠ ጊዜ ጸጥ እንደሚል፣ ይህም በተደጋጋሚ እንደሚመላለስ አስተዋለ። በእኔ ግምት ከዚህ ጉዳይ ታሪክ ሊዘነጋ የማይገባው ይህ ግኝት ነው፤ የዛሬው ማብራሪያ የተመሠረተው በእርሱ ላይ ነውና።

በይበልጥ የታወቀው ግን በሃርቫርድ የዋልተር ካነን ሙከራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1912 የወጣው ጥናት እንደሚያሳየው፣ ተማሪው ዋሽበርን ከቀጭን ጎማ ቱቦ ጋር የተያያዘ ፊኛ ውጦ ጨጓራው ውስጥ አስቀመጠ፤ ፊኛው ከተነፋ በኋላ በጨጓራው ሲጨመቅ ግፊቱ በሚሽከረከር ወረቀት ላይ መስመር ይስል ነበር። ዋሽበርን መስመሩን እንዳያይ ተደርጎ፣ የረሃብ ስሜት በተሰማው ቁጥር ቁልፍ እንዲጫን ተነገረው። ሁለቱ ምልክቶች ሲነጻጸሩ የረሃብ ስሜቱ ጨጓራው በኃይል ሲኮማተር የሚመጣ ሆኖ ተገኘ፤ ኩምትሪያው ቀደም ብሎ ስለሚጀምር ካነን ረሃብን የሚያመጣው ኩምትሪያው ነው ብሎ ደመደመ። ድምዳሜው ለብዙ ዓመታት ቆሞ ከቆየ በኋላ ፈርሷል፤ ጨጓራቸው በቀዶ ጥገና የወጣላቸው ሰዎችም ይርባቸዋል። ዛሬ ረሃብ በዋነኛነት የአንጎልና የሆርሞን ጉዳይ እንደሆነ ይታመናል። ኩምትሪያው ለስሜቱ ምን ያህል እንደሚጨምር ግን አሁንም አከራካሪ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1969 ሹርሼቭስኪ የተባለው ተመራማሪ በውሾች ትንሹ አንጀት ላይ የኤሌክትሪክ ምልክት ሲመዘግብ፣ የቦልዲሬቭ ኩምትሪያ በአንድ ቦታ የሚቀር ሳይሆን ከላይ ጀምሮ እስከ ትንሹ አንጀት መጨረሻ የሚጓዝ ሞገድ መሆኑ ታየ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም በሰው ላይ ተረጋገጠ። ሳይንቲስቶች የአንጀት «የቤት ጠባቂ» ብለውታል፤ በእኛ አነጋገር መጥረጊያ ብንለው ይሻላል፣ ሥራው ያልተፈጨ ትራፊ፣ ንፍጥና ባክቴሪያ ወደ ትልቁ አንጀት ጠርጎ ማውጣት ስለሆነ። ሞቲሊን የተባለው ከትንሹ አንጀት የላይኛው ክፍል የሚመነጭ ሆርሞን በጨጓራ ውስጥ ለሚነሳው ሞገድ ዋናው ቀስቃሽ ነው። ኤሪትሮማይሲን የተባለው መድኃኒት ሆድ የሚቆርጠውም የሞቲሊንን መቀበያ ስለሚቀሰቅስ ነው።

ይህን በአንድ ጾመኛ ሰው ላይ እንመልከት። ማታ 2 ሰዓት ላይ እራቱን በልቶ በማግሥቱ እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ምንም አልቀመሰም እንበል። እራቱ ከጨጓራው ለመውጣት 4 ወይም 5 ሰዓት ይፈጅበታል፤ ስለዚህ መጥረጊያው ሥራ የሚጀምረው ሌሊት 7 ሰዓት ገደማ ነው። ዙሩ በአማካይ ከ90 እስከ 120 ደቂቃ ስለሚወስድ፣ እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ከ7 እስከ 9 ዙር ያደርጋል ማለት ነው። በእያንዳንዱ ዙር መጀመሪያ ረዘም ያለ ጸጥታ አለ፤ ቀጥሎ ሥርዓት የሌለው ኩምትሪያ፣ በመጨረሻም በአንድ ቦታ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ የሚቆይ፣ በጨጓራ በደቂቃ 3 ጊዜ፣ ከጨጓራ ቀጥሎ ባለው አንጀት 11 ወይም 12 ጊዜ የሚደጋገም ጠንካራ ኩምትሪያ ይመጣል። ሆዱ ጎልቶ የሚጮኸው በሁለቱ የመጨረሻ ጊዜያት ነው። በቅዳሴ መካከል ጸጥ ባለው ሰዓት አንዴ ተሰምቶ ጠፍቶ፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ ተመልሶ የሚመጣው ለዚህ ነው። ወጥ ሲሸት ደግሞ አንጎል ለጨጓራ ትእዛዝ ስለሚልክ ድምፁ ተራውን ሳይጠብቅ ሊነሳ ይችላል። ጥቂት ጉርሻ ሲገባ መጥረጊያው ሥራውን ያቆማል፤ ንጹሕ ውኃ ግን ሞገዱን እምብዛም ስለማያስቆመው ድምፁን አንዳንዴ ይብሱን ያጎላዋል።

ድምፁ ራሱ በሽታ አይደለም፤ ጤነኛ ሆድ በጆሮ ማዳመጫ ሲደመጥ በደቂቃ ከ5 እስከ 30 ድምፅ ያሰማል። የሆድ ቀዶ ጥገና ከተደረገ በኋላ ለአንድ ሁለት ቀን ዝም ማለቱም የተለመደ ነው። የሚያሳስበው ድምፁ ከሚመላለስ ቁርጠት፣ ከማስመለስ፣ ከሆድ መነፋትና ጋዝ ካለመውጣት ጋር ሲመጣ ነው፤ ያን ጊዜ አንጀት ተዘግቶ፣ ከመዘጊያው በላይ ያለው ክፍል ለመግፋት ሲታገል የሚያሰማው ቀጭንና ከፍ ያለ ድምፅ ሊሆን ይችላል። ኋላ ላይ ድምፁ ጭራሽ ሲጠፋ ሁኔታው ተሻለ ማለት አይደለም፤ አንጀቱ ደክሟል ወይም ተጎድቷል። በሕፃናት ላይ እንዲህ ያለውን መዘጋት ከሚያመጡት አንዱ በብዛት ተጠቅልለው መንገዱን የሞሉ ወስፋቶች ናቸው፤ ያን ጊዜም ቢሆን የሚጮኸው ትሎቹን መግፋት ያቃተው አንጀት ነው።