«ከባርነት ሀብት የነፃነት ድህነት»፦ አባባሉ ከየት መጣ?

አብዛኛው ምሳሌያዊ አነጋገር ባለቤቱ አይታወቅም። የዚህኛው ግን ተናጋሪውም ቦታውም ቀኑም ይታወቃል። የተናገረው የጊኒው መሪ ሴኩ ቱሬ ነው፤ በጊኒ ዋና ከተማ ኮናክሪ፣ በፈረንጆቹ ኦገስት 25 ቀን 1958።

አጠገቡ የተቀመጠው እንግዳ የፈረንሳዩ ጄኔራል ደ ጎል ነበር። ደ ጎል በአፍሪካ ቅኝ ግዛቶች እየዞረ ሕዝበ ውሳኔ ያስተዋውቃል። «እሺ» ያለ ከፈረንሳይ ጋር በአንድ ማኅበር ይቀጥላል። «እምቢ» ያለ ወዲያው ነፃ ይወጣል፤ እርዳታው ግን ይቋረጥበታል። ቱሬ ተነስቶ «በባርነት ከመበልጸግ በነፃነት መደህየት እንመርጣለን» አለ።

አንዳንዱ ሰው አባባሉን ድህነትን እንደማወደስ ይወስደዋል። እኔ እንደዚያ አላየውም። ድህነትን መጀመሪያ ወደ ጨዋታው ያመጣው ቱሬ አይደለም፤ የእርዳታው ማስፈራሪያ ነው። አባባሉ ለዚያ ማስፈራሪያ የተሰጠ መልስ ነው። የእኛ «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይቀርበዋል፤ ልዩነቱ የእኛ ተረት የሰውን ወርቅ የመለሰ ሰው ምን እንደሚደርስበት አለመናገሩ ነው።

በጊኒ የደረሰው ይታወቃል። ሴፕቴምበር 28 ቀን ከ95 በመቶ በላይ የሚሆነው መራጭ «እምቢ» አለ። ያን ቀን ድምፅ ከሰጡት የፈረንሳይ የአፍሪካ ግዛቶች እምቢ ያለችው ጊኒ ብቻ ናት። ኦክቶበር 2 ነፃነቷን አወጀች። ፈረንሳዮቹ አስተማሪውንም ሐኪሙንም ጠቅልለው ወጡ። የቢሮ ሰነድ ተቃጠለ፣ ስልክ ከግድግዳ ተነቀለ፤ አምፑል ሳይቀር ፈተው ሄዱ ይባላል። የጋናው ንክሩማህ የ10 ሚሊዮን ፓውንድ ብድር ቃል ገባላት።

ዋናው ፈተና ግን ገንዘቡ ላይ መጣ። በ1960 ጊኒ የፈረንሳዩን ፍራንክ ትታ የራሷን አሳተመች። የፈረንሳይ የስለላ ድርጅት ያንኑ ኖት በሐሰት አሳትሞ አገሩን አጥለቀለቀው። «እሺ» ያሉት የምዕራብ አፍሪካ ጎረቤቶቿም በዚያው ዓመት ነፃ ወጡ፤ አብዛኞቹ ግን ያንኑ ከፈረንሳይ ጋር የተሳሰረ ፍራንክ ይዘው ቀሩ።

ድህነቱ እንደተባለው መጣ። በጣም የሚያመኝ «ነፃነት» የሚለው ቃል ነው። ዲያሎ ቴሊ የሚባል ጊኒያዊ ነበር። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የመጀመሪያ ዋና ጸሐፊ ሆኖ ከ1964 እስከ 1972 አዲስ አበባ ውስጥ ሠርቷል። አገሩ ገብቶ ሚኒስትር ሆነ። በ1976 በሴራ ተወንጅሎ ኮናክሪ ወደሚገኘው ካምፕ ቧሮ እስር ቤት ተወሰደ። በ1977 እህልም ውኃም ተከልክሎ እዚያው ሞተ። ያን ጊዜ ፕሬዝዳንቱ ያው ሴኩ ቱሬ ነበር።