የቢል ማካፈያ ሰንጠረዥ ምንድን ነው?

አንድ ግቢ፣ አንድ ቆጣሪ፣ አራት በር። አዲስ አበባ ውስጥ ተከራይቶ የኖረ ሰው ይህን ኑሮ ያውቀዋል። የመብራቱም የውሃውም ቢል በአከራይ ስም ይመጣል። ከዚያ «የእናንተ ይህን ያህል ነው» ይባላል። እንዴት ተሰላ ብለህ ስትጠይቅ መልሱ በአምፖል ቁጥር ነው፣ ወይም «እናንተ ፍሪጅ አላችሁ» ነው።

የቢል ማካፈያ ሰንጠረዥ ይህን ድርድር በቆጣሪ ንባብ የሚተካ ወረቀት ነው። ለእያንዳንዱ በር አንድ መስመር ይሰጣል። በመስመሩ ላይ ያለፈው ወር ንባብ፣ የዚህ ወር ንባብ፣ በሁለቱ መሀል ያለው ፍጆታ፣ ከጋራ ወጪ የሚደርሰው ድርሻ እና የሚከፍለው ብር ይጻፋል። በደብተርም ይሠራል፣ በኤክሴልም። ለዚህ ግን ከዋናው ቆጣሪ ሌላ በየበሩ የውስጥ ቆጣሪ ያስፈልጋል። የመብራቱ በብዙ ግቢ አለ። የውሃው ብርቅ ነው፤ እሱ ላይ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሰንጠረዡን የተማርኩት ተማሪ እያለሁ፣ ለሦስት አንድ ክፍል ተከራይተን በነበረበት ግቢ ነው። አከራያችን እትዬ ዋናው ቤት ይኖራሉ። ከኛ ሌላ የሁለት ልጆች ቤተሰብ እና አንድ ብቻውን የሚኖር ሠራተኛ ነበሩ። ከታች ያሉት ብሮች ሒሳቡ እንዲቀል የያዝኳቸው ምሳሌዎች ናቸው። የኤሌክትሪክ ታሪፉ በየጊዜው ስለሚስተካከል፣ የኪሎዋቱን ዋጋ ሁልጊዜ ከዚያው ወር ቢል ውሰዱት እንጂ ካለፈው ወረቀት አትገልብጡት።

እንግዲህ በመብራት እንጀምር። ዋናው ቆጣሪ በወሩ 420 ኪሎዋት ሰዓት ቆጠረ። ቢሉ 2,580 ብር ነው። ከዚህ 2,520 ብሩ የፍጆታ፣ 60 ብሩ ደግሞ ቋሚ የአገልግሎት ክፍያ ነው። የአራቱ በሮች የውስጥ ቆጣሪ ሲደመር ግን 380 ብቻ ሆነ። 40 ኪሎዋት ሰዓት ባለቤት አጣ።

እነዚህ 40ዎቹ የሰንጠረዡ ልብ ናቸው። ብዙ ጠብ የሚነሳው እዚህ ጋ ነው፤ ብዙ ሰንጠረዦችም ይህን መስመር ጭራሽ የላቸውም። በኛ ግቢ ልዩነቱ የበር መብራቱ እና ውሃ ወደ ሮቶ የሚገፋው ፓምፕ ነበር። ሁለቱም የተቀጠሉት ከዋናው ቆጣሪ በኋላ፣ ከውስጥ ቆጣሪዎች በፊት ነው። ስለዚህ ማንም በር ላይ አይቆጠሩም።

የኪሎዋቱን ዋጋ ለማግኘት የፍጆታውን ብር ለዋናው ቆጣሪ ፍጆታ እናካፍላለን፤ 2,520 ለ420፣ 6 ብር። ባለቤት ያጡት 40 በ6 ብር 240 ይሆናሉ፤ ለአራት በር 60፣ 60። ቋሚው 60 ብር ደግሞ ለአራት 15፣ 15።

| በር | ፍጆታ | በ6 ብር | የጋራ | ቋሚ | ጠቅላላ |
|---|---|---|---|---|---|
| እትዬ | 150 | 900 | 60 | 15 | 975 |
| ቤተሰቡ | 95 | 570 | 60 | 15 | 645 |
| እኛ | 70 | 420 | 60 | 15 | 495 |
| ሠራተኛው | 65 | 390 | 60 | 15 | 465 |

የመጨረሻው ዓምድ ሲደመር 2,580 ነው። ከቢሉ ጋር አንድም ብር አልተለያየም። የሰንጠረዡ ፈተና ይህ ብቻ ነው። ድምሩ ከቢሉ ከበለጠ አንድ ሰው እያተረፈ ነው፤ ካነሰ አንድ ሰው ከኪሱ እየሞላ ነው። ስለዚህ ተከራይ ሰንጠረዡን ሲያይ ቢሉንም ማየት አለበት። እኛ «እትዬ፣ ቢሉን እንየው?» ስንላቸው አልከፋቸውም። «እዩት ልጆቼ፣ እኔም ይኸው ዓይኔን ሊያጠፋኝ ነው» ብለው ሰጡን። ሁሉም አከራይ እንደሳቸው አይደለም።

በኤክሴል ለሚሠራ ሰው፣ ያለፈውን ንባብ B፣ የአሁኑን C ዓምድ ላይ ይጻፍ። የኪሎዋቱን ዋጋ H1፣ የጋራውን ድርሻ H2፣ ቋሚውን H3 ላይ ያስቀምጥና በየመስመሩ ይህን ይጻፍ፦

```
=(C2-B2)*$H$1+$H$2+$H$3
```

አቋራጭ የሚወዱ ሰዎች ሌላ መንገድ አላቸው። ሙሉውን 2,580 ለውስጥ ቆጣሪዎቹ ድምር ለ380 ያካፍሉና ኪሎዋቱን 6 ብር ከ79 ሳንቲም ያደርጉታል። ድምሩ ይገጥማል። ግን የፓምፑም የአገልግሎቱም ክፍያ ዋጋው ውስጥ ተደብቆ ብዙ በሚጠቀመው ላይ ይወድቃል። እትዬ ከ975 ወደ 1,018 ይወጣሉ፤ ሠራተኛው ከ465 ወደ 441 ይወርዳል። ስህተት ነው አልልም። የአገልግሎት ክፍያው ግን አንድ ኪሎዋትም ባትጠቀም የሚመጣ ስለሆነ፣ በበር እኩል መከፈሉ ለኔ የበለጠ ስሜት ይሰጣል። ፓምፑ ላይ ልከራከር እችላለሁ፤ ብዙ ውሃ የሚጠቀም ብዙ ይክፈል ቢባል ያስኬዳል።

ሰንጠረዡ የማይፈታው አንድ ነገር አለ። ታሪፉ በእርከን ነው፤ ፍጆታ ሲጨምር የኪሎዋቱ ዋጋም ይጨምራል። ሠራተኛው 65ቱን የራሱ ቢል በሚመጣበት ቆጣሪ ቢጠቀም ኖሮ ዝቅተኛው አካባቢ ይከፍል ነበር። አራት በር በአንድ ቆጣሪ ሲደመር ግን ግቢው በሙሉ እንደ አንድ ትልቅ ቤት ታይቶ ወደ ላይኛው እርከን ይወጣል። አማካይ ዋጋ ስትወስድ ቆጣቢው የሌላውን እርከን አብሮ ይከፍላል። ለምሳሌ ቤተሰቡ በኤሌክትሪክ ምጣድ ይጋግራሉ። 3.5 ኪሎዋት የሚስብ ምጣድ አንድ ሰዓት ተኩል ቢሠራ ከ5 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ነው። በሳምንት ሁለቴ ከተጋገረ በወር 40 አልፎ ይሄዳል። ይህን ከእርከኑ ጋር አዛምዶ በትክክል ማካፈል አይቻልም፤ ግቢውን ወደ ላይኛው እርከን ያወጣው የማን ፍጆታ እንደሆነ ቆጣሪው አያውቅምና። መፍትሔው ለየበሩ የራሱ ቢል የሚመጣበት ቆጣሪ ማስገባት ብቻ ነው።

ወደ ውሃው። በኛ ግቢ የውሃ የውስጥ ቆጣሪ የነበራቸው እትዬ እና ቤተሰቡ ናቸው። እኛና ሠራተኛው የምንቀዳው ከጋራ ቧንቧ ነው። አንድ ወር ዋናው ቆጣሪ 26 ሜትር ኩብ አነበበ። እትዬ 10፣ ቤተሰቡ 8። የቀረው 8 ለጋራ ቧንቧው ተባለ፤ በነፍስ ወከፍ ለአራት ሰው 2፣ 2። የፍጆታው ብር 780 ስለነበር ኩቡ 30 ብር ነው። ቋሚው 40 ብር ለአራት በር 10፣ 10። እትዬ 310፣ ቤተሰቡ 250፣ እኛ ሦስታችን 190፣ ሠራተኛው 70። ድምሩ 820፣ ከቢሉ ጋር ልክ።

ጥሩ ይመስላል። በሚቀጥለው ወር ግን ዋናው 33 አነበበ። እትዬ ያው 10፣ ቤተሰቡ ያው 8። የኛ ቧንቧ ከ8 ወደ 15 ዘለለ። እኛ ደግሞ ያን ወር ለፈተና ላይብረሪ ነው የከረምነው፤ ቤት የምንገባው ለመተኛት ነበር።

ጉዱ የሰንጠረዡ አሠራር ላይ ነው። ድርሻው በቀሪ የሚሰላ ሰው የግቢውን ኪሳራ ሁሉ ይሸከማል። ዋናው ቆጣሪ ያለው ከሮቶው በፊት ነው፤ የውስጦቹ ከሮቶው በኋላ። ሮቶው ሞልቶ ቢፈስ፣ በመሀል ያለ ቧንቧ ቢያንጠባጥብ፣ ሁሉም «በጋራ ቧንቧው» ስም ይመዘገባል። በፈረቃ ውሃ ሲመጣ መጀመሪያ የሚገፋው አየር እንኳ ዋናውን ቆጣሪ ያዞረዋል፤ ሮቶው ላይ ስለሚወጣ የውስጡን አያዞርም።

ማጣሪያው ቀላል ነው። ማታ ውሃ ባለበት ሰዓት፣ የግቢው ሰው ሁሉ ቧንቧውን ይዝጋ። ዋናው ቆጣሪ ላይ ያለችውን ትንሽ ጥርሳም ጎማ በባትሪ እያበራችሁ እዩ። ሮቶው ሞልቶም ከዞረች ውሃ የሆነ ቦታ እየሄደ ነው። የኛ ዞረች። ጣሪያ ላይ ስንወጣ ሮቶው ውስጥ ውሃውን የሚዘጋው ተንሳፋፊ ተሰብሮ፣ ትርፉ በማፍሰሻው ቱቦ በቀጥታ ወደ ቦይ ይወርድ ነበር። ማታ ማታ ስለሆነ ማንም አላየም።

ከዚያ በኋላ ለጋራ ቧንቧውም ቆጣሪ ተገዛ። ውሃውም እንደ መብራቱ የራሱ የልዩነት መስመር አገኘ። ልዩነቱ ለአራቱም በር እኩል ይካፈላል። በሦስተኛው ወር ልዩነቱ ወደ 1 ሜትር ኩብ ወረደ። አንድ ነገር ታዘብኩ፤ ልዩነቱ የሁሉም ሰው ወጪ ከሆነ በኋላ ሮቶው ሲፈስ የሚጮኸው ሰው በዛ።

ልዩነቱ ሌላም ነገር ይናገራል። ከዜሮ በታች ከሆነ፣ ማለትም የውስጦቹ ድምር ከዋናው ከበለጠ፣ ወይ ንባቡ በተለያየ ቀን ተወስዷል፣ ወይ ቢሉ በግምት የመጣ ነው፣ ወይ አንዱ ቀዩን አኃዝ አብሮ አንብቧል። ውሃ ቆጣሪ ላይ ጥቁሮቹ አኃዞች ሜትር ኩብ ናቸው፤ ቀዮቹ ከአንድ ኩብ በታች ያለው ቁርጥራጭ። የድሮው የመብራት ቆጣሪም ላይ የመጨረሻው ቀይ አኃዝ የኪሎዋት ሰዓት አንድ አስረኛ ነው። ቀዩን አብሮ ያነበበ ሰው ፍጆታው ቢያንስ አሥር እጥፍ ሆኖ ይወጣል። በግምት የመጣ ቢል ደግሞ በቀጣዩ ንባብ ይስተካከላል፤ ስለዚህ በዚያ ወር ልዩነት ማንንም አትውቀሱ።

ቀኑን በተመለከተ፣ ቆጣሪ አንባቢው ሲመጣ በዚያው ሰዓት የውስጦቹን ማንበብ ነው። ካመለጣችሁ ዋናውንም የውስጦቹንም ራሳችሁ በአንድ ቀን አንብቡና የቢሉን ብር በዚያ ድርሻ አካፍሉት። እኛ የየቆጣሪውን ፎቶ አንስተን ግሩፕ ላይ እንለጥፍ ነበር። ሠራተኛው በወሩ አጋማሽ ቤት ሲለቅም እንዲሁ አደረግን። በወጣበት ቀን ቆጣሪው ተነበበ፣ ባለፈው ወር ዋጋ ተሰልቶ ከፈለ፣ ከጋራውና ከቋሚው ደግሞ የ15 ቀኑን፣ ማለትም ግማሹን። ቢሉ ሲመጣ 11 ብር ጎደለ። እትዬ «ይቅር፣ ልጁ ጨዋ ነበር» አሉ።