የተሰበረ ቲቪ ይዞ ገንዘብ ለማስመለስ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«የተሰነጠቀውን ስክሪን አቅርቤ አንስቼ ልኬላቸዋለሁ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈልጋሉ?»

ኤሌክትሮኒክስ መደብር ውስጥ ቅሬታ ስለምቀበል ይህን ሁሌ እሰማለሁ፤ ሰልችቶኛል። ከስንጥቁ ሌላ ምንም የማይታይበት ፎቶ የማንም ቲቪ ሊሆን ይችላል። ደግሞም ሻጩ ስክሪኑ መሰበሩን አይክድም። ክርክሩ በማን እጅ ተሰበረ የሚለው ላይ ነው። «ግድግዳ ላይ ስትሰቅሉት ተመትቶ ነው» ቢላችሁ ያ ፎቶ ምን ይመልስላችኋል?

አንዲት ደንበኛ 55 ኢንች ቲቪ ቤታቸው ድረስ ተልኮላቸው ነበር። ካርቶኑን ከመክፈታቸው በፊት በሁሉም ጎን ፎቶ አነሱት። ከታች በስተቀኝ ያለው ጥግ ተጨፍልቋል። ከዚያ ፕላስተሩ ሲቀደድ ጀምሮ ቲቪው እስኪወጣ ድረስ ሳያቋርጡ ቪዲዮ ቀረጹ። ፎሙም እዚያው ጥግ ላይ ተሰብሯል። ቲቪው ሲበራ መስመሮቹ የሚነሱት ከዚያው ጥግ ነው። እግሮቹ ገና ከላስቲካቸው አልወጡም። በመጨረሻ ከቲቪው ጀርባ ያለውን ሲሪያል ቁጥር፣ ካርቶኑ ላይ ያለውንና ደረሰኙን ቁጥሮቹ እንዲነበቡ አድርገው አነሱ። የካርቶኑ፣ የፎሙና የስክሪኑ ጉዳት አንድ ቦታ ላይ ሲገጥም «እናንተ ናችሁ» ማለት አይቻልም። ገንዘባቸው ተመለሰ።

ስለዚህ እባካችሁ ካርቶኑንና ፎሙን ጉዳዩ እስኪያልቅ አትጣሉ። ስክሪኑ ተሰብሮ ካገኛችሁትም እግር አትግጠሙ፣ አትስቀሉት።

«ፈርሜ ተረክቤዋለሁ፣ አለቀ።»

አላለቀም። ፊርማው ክርክሩን ያከብደዋል እንጂ አይዘጋውም። ካርቶን ሳይከፈት ስክሪን አይታይም። አድራሹ ለመክፈት ጊዜ ካልሰጣችሁ፣ ከፊርማችሁ አጠገብ «ካርቶኑ ተጨፍልቋል፣ ውስጡ አልታየም» ብላችሁ ጻፉና ወረቀቱን ፎቶ አንሱት።

«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም ብለው ለጥፈዋል።»

የተለጠፈ ወረቀት ሕግ አይሽርም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የገዛው ዕቃ ጉድለት ያለበት ሸማች በ15 ቀን ውስጥ ማስረጃ አቅርቦ እንዲለወጥለት ወይም ዋጋው እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ቀኑ የሚቆጠረው ከግዢው ጀምሮ ነው። ቀለሙን ስላልወደዳችሁት ግን አይመለስም።

«ደውዬ ነግሬያቸዋለሁ፣ እሺ ብለዋል።»

ስልክ ላይ እሺ ያለው ሰው ነገ ሊክድ ወይም ሥራ ሊለቅ ይችላል። በዚያው ቀን በጽሑፍ ላኩ፦ የገዛችሁበት ቀን፣ የደረሰኝ ቁጥር፣ የደረሰው ጉዳት፣ የምትፈልጉት ገንዘቡን ይሁን ቅያሬ። በቴሌግራም ስትልኩ ፎቶውን እንደ ፋይል ላኩት። እንደ ተራ ፎቶ ከሄደ ጥራቱ ይቀንሳል፣ የተነሳበት ቀንና ሰዓትም ከውስጡ ይጠፋል። ዋናውን ከስልካችሁ አታጥፉ።