ከጨረታ መውጣት ምንድን ነው? (ማስከበሪያ ቀብድ አይደለም!)

ሰሞኑን አንድ ሰው «የጨረታ ማስከበሪያ ቀብድ ማለት ነው፣ ከጨረታው ከወጣህ ቀረ» ብሎ ሲያስረዳ አየሁ። ሃምሳ ሰው ደግሞ «ትክክል» ብሎታል። ደብረ ብርሃን ላይ ለነጋዴ የጨረታ ሰነድ ሳዘጋጅ ይህን ቃል በሰማሁ ቁጥር አንድ አንድ ብር ቢሰጠኝ ኖሮ እኔው ራሴ እጫረት ነበር።

ቀብድ ሌላ ነገር ነው። ገበያ ላይ በሬ ወደድክ፣ ሁለት ሺህ ብር ጣልክ፣ ማታ ቤት ስትገባ ሐሳብህን ቀየርክ እንበል። ብሩ ቀረ፣ አንተም ተገላገልክ። ሻጩ ከካደ ደግሞ እጥፍ ይመልስልሃል፤ ሌላ ውል ከሌላችሁ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 የሚለውም ይህንኑ ነው። ማስከበሪያ ግን በሬው ገና ሳይገዛ «ቃሌን አላጥፍም» ብለህ የምታስይዘው መያዣ ነው። ቃሉ መቁጠር የሚጀምረው ደግሞ ሰነዱን ሳጥን ውስጥ ስትጥል ሳይሆን የማስገቢያው ሰዓት ሲያልፍ ነው። መሥሪያ ቤቱ ጨረታውን ቢሰርዝ እጥፍ ይከፍልሃል? አይከፍልም። እንግዲህ ቀብዱ የት አለ?

አንድ የእንጨት ሥራ ባለሙያ ለትምህርት ቤት 400 ዴስክ በ2,900 ብር ሒሳብ አስገባ፤ ድምሩ 1,160,000 ብር። ማስከበሪያው የ20,000 ብር ሲፒኦ ነው። ማታ ሲያሰላ ቫቱን እንደረሳ አወቀ። ሰነዱ ደግሞ ዋጋው ቫትን ያካትታል ይላል። ስለዚህ ከዚያው ድምር ውስጥ 151,304 ብር ገደማ ለቫት ከኪሱ ሊወጣ ነው። መዝጊያው በማግስቱ ከጠዋቱ 4:00፣ መክፈቻው 4:30 ነበር። (ዋጋውን ብቻ ማስተካከልም ይቻል ነበር፣ እሱም ከ4:00 በፊት ነው። እሱ ግን ሥራውን ጠላው።)

ጠዋት መጥቶ «ሳጥኑን ክፈቱልኝ» አለ። ሳጥኑ አይከፈትም፣ ሊከፈትም አይገባም። የሚገባው ሌላ የታሸገ ኤንቨሎፕ ነው፤ ላዩ ላይ የግዥው ቁጥርና «ከጨረታ መውጫ» የሚል ይጻፋል፣ ውስጡ ደብዳቤው አለ። ፈራሚው ሰነዱን የፈረመው ሰው ወይም ውክልናው የተያያዘ መሆን አለበት። በ4:30 መጀመሪያ የሚነበበው ይህ ነው፤ ዋናው ሰነድ ሳይከፈት ይመለሳል።

አሁን ደብዳቤው። አብዛኛው ሰው «ራሳችንን አግልለናል፣ ለትብብርዎ እናመሰግናለን» ብሎ ይጨርሳል። ስለ ማስከበሪያው ዝም! ከዚያ ሲፒኦው መሥሪያ ቤቱ ካዝና ውስጥ ሁለት ወር ያድራል። እኛ እንዲህ ጻፍን፦

«ማስገቢያው ጊዜ ሳያልፍ ከጨረታው ራሳችንን አግልለናል። ለማስከበሪያ ያስያዝነው ቁጥሩ …፣ በ… ቀን ከ… ባንክ የወጣ የብር 20,000 (ሃያ ሺህ) ሲፒኦ ዋናው ቅጂ በሰነዳችን ኤንቨሎፕ ውስጥ ነው። መውጣታችን ከመዝጊያው ሰዓት በፊት ስለሆነ ማስከበሪያው የሚወረስበት ምክንያት የለም። ሰነዱ ሳይከፈት ከነሲፒኦው መታወቂያ ቁጥሩ … ለሆነው ተወካያችን በፊርማ ይመለስልን።»

«ዋጋ ተሳስተን» አላልንም። ምክንያት የመስጠት ግዴታ የለብንም፣ ለክርክር በር ከመክፈት በቀር አይጠቅምም። ሲፒኦው ለብቻው ተሰጥቶ ከሆነ ደብዳቤው ማን እንደተረከበው ይናገር። ጥሬ ገንዘብ ከሆነ የሞዴል 64 ደረሰኙ ቁጥር ይጠቀስ። የባንክ ዋስትና ከሆነ ዋናው እንዲመለስ ጠይቅ፤ «ባንኩ ይሰርዘው» ብሎ መጻፍ ዋጋ የለውም፣ ባንኩ የሚሰማው የተጠቃሚውን መሥሪያ ቤት እንጂ አንተን አይደለም።

ሌላው ሰዓቱ ነው። የመዝገብ ቤት ማኅተም ቀን እንጂ ሰዓት የለውም። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ በደብዳቤው ቀሪ ላይ «3:20 ገቢ ሆነ» ብላ በእጇ እንድትጽፍና እንድትፈርም ለመንናት። ፊቷን ቋጠረች፣ ጻፈችው።

ያው ደብዳቤ 4:05 ቢገባስ? ያኔ ቃሉ ታስሯል። ጨረታው ጸንቶ በሚቆይበት ጊዜ ከወጣህ 20,000ው ይወረሳል፣ «እንዲመለስልን» የሚለው መስመርም አያድንህም። እዚህ ጋ ነው ያ ሰውዬ «151,304 ከመክሰር 20,000 መጣል ይሻላል፣ ቀብድ ነው አልኩህ» የሚለኝ። ወንድሜ፣ ሒሳቡ ልክ ነው፣ ግን በሬ ሻጩ ከገበያ አያግድህም። መንግሥት ከግዥ ሊያግድህ ይችላል።

(የግል ድርጅት ጨረታ በራሱ ሰነድ ነው የሚመራው፣ ክልልና ፌዴራልም መመሪያቸው ለየብቻ ነው። በኤሌክትሮኒክ የሚካሄድ ከሆነ መውጣቱም እዚያው ሲስተሙ ላይ ነው። ሰነዱን አንብብ።)

የእንጨት ሥራ ባለሙያው በ4:40 ኤንቨሎፑን እንደታሸገ ተረከበ። ባንክ ሄዶ ዋናውን ሲፒኦ ሲሰጥ፣ የተጻፈው በመሥሪያ ቤቱ ስም ስለሆነ «ከእነሱ ደብዳቤ አምጣ» ተባለ፤ ተመልሶ ሁለት መስመር አጻፈ፣ ከሰዓት በኋላ ብሩ ሒሳቡ ውስጥ ገባ።