«አንድ ስላይድ፣ አንድ ሐሳብ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ብዙ ሰው «አንድ ሐሳብ» ሲባል «አንድ ርዕስ» ይመስለዋል። «ቡና ማድረቅ» ርዕስ ነው። «ማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣ ቡና ካልተገላበጠ ይሻግታል» ግን ሐሳብ ነው፤ ግስ አለው፣ ሊከራከሩበትም ይቻላል። ስላይዱ አናት ላይ የሚጻፈው ይሄኛው ነው።

ችግሩ፣ ረጅም ጉዳይ 20 ስላይድ ላይ ሲበተን ክሩ ይጠፋል። እኔ ኮምፒውተር ከመክፈቴ በፊት አናቶቹን ብቻ ወረቀት ላይ እደረድራለሁ። ስለታጠበ ቡና ከሆነ እንዲህ፦

«ቡናው ሲፈለፈል የሚያዳልጥ ሙጫ ይቀርበታል። ሙጫው እንዲሁ በውሃ ቢያጥቡት በቀላሉ አይለቅም። ስለዚህ ገንዳ ውስጥ እንዲብላላ ይደረጋል። ግን ከልክ ካለፈ ጣዕሙ ይበላሻል።»

አራት ስላይድ ነው፤ ሲነበብ ግን አንድ አንቀጽ ይሆናል። «ስለዚህ» እና «ግን» እዚያው አናቱ ላይ ይጻፉ። በቃል እላቸዋለሁ ካሉ መድረክ ላይ ይረሳሉ፤ ደርሶብኛል። በሁለት አናቶች መሃል ከ«ደግሞ» ሌላ የሚገባ ቃል ከጠፋ፣ ቅደም ተከተሉ የዘፈቀደ ነው። ቦታ ያቀያይሯቸው ወይም ያዋህዷቸው።

ንጽጽር ሲሆን ሁለት ነገር አንድ ስላይድ ላይ ቢቀመጥ ደንቡ አልፈረሰም። የታጠበና ያልታጠበ ቡና ጎን ለጎን ሲታዩ፣ ሐሳቡ ልዩነታቸው ነው።