የታጠቀበት ማበሻ ጨርቅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የልደትን በዓልና የቅዱስ ላሊበላን የልደት ቀን አንድ ላይ ለማክበር ወደ ደብራችን የመጡትን እንግዶች እግር ስታጥቡ ለሰነበታችሁ ልጆቼ፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ እንኳን አደረሳችሁ። በዓሉ አልፎ እንግዶቻችን ወደየአገራቸው ተመልሰዋል። እኔ ግን ሥራችሁ ከዓይኔ አልጠፋ ስላለኝ ይህን እጽፍላችኋለሁ።

ዮሐንስ ወንጌላዊው ያን ሌሊት ሲጽፍ ምን ያህል ዝርዝር እንደያዘ አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ጌታ ከእራት ተነሣ፣ ልብሱን አኖረ፣ ማበሻ ጨርቅ ወስዶ ታጠቀ፣ በመታጠቢያው ውኃ ጨመረ። ከዚያም «የደቀ መዛሙርቱንም እግር ሊያጥብና በታጠቀበትም ማበሻ ጨርቅ ሊያብስ ጀመረ» ይላል። ብዙዎቻችን ስንሰብክ ማጠቡ ላይ እናቆማለን። ወንጌላዊው ግን ጨርቁን ሁለት ጊዜ አነሣው። ጌታ አጥቦ እርጥቡን እግር አልተወውም፤ በወገቡ በታጠቀው ጨርቅ አደረቀው። ይህ ቃል ለዓመታት የምወደው ቃል ነው፤ ትርጉሙ በእጄ የገባው ግን ዘንድሮ ከእናንተ ጋር ነው።

የመጀመሪያውን ቀን ታስታውሳላችሁ። ውኃው በበርሜል ሞቆ፣ ሳፋው ተደርድሮ፣ ሁላችሁም ተነሣስታችሁ ነበር። ስህተቱ የእኔ ነው፤ ፎጣ ያዘጋጀሁት ጥቂት ነበርና አንዱ ፎጣ ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ይዞር ጀመር። ጡረታ የወጣችው ነርስ እኅታችን ናት ያስቆመችን። «በጣቶቹ መካከል የተላጠ ነጭ ቆዳ ይታያችኋል? እሱ የእግር ፈንገስ ነው። በዚህ ፎጣ ለሚቀጥለው ሰው ልትሰጡት ነው» አለችን። በዚያው ሌሊት ሴቶቹ አቡጀዲ ቆርጠው ለአንድ ሰው አንድ ቁራጭ እንዲደርስ አደረጉ። አዲስ አቡጀዲ ሙጫው እስኪለቅ ካልታጠበ ውኃ እንደማይመጥም የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ አጥበው፣ አፍልተው፣ ሲነጋ ፀሐይ ላይ አሰጡት። በሚቀጥሉት ቀናት የተጠቀምንበትን ቁራጭ ሁሉ ማታ ማታ ያፈሉት እነሱ ናቸው። ስማቸውን አንድ ሰው ሲጠራ አልሰማሁም፤ ሳፋው ዘንድ ስላልታዩ ይሆናል።

ውኃ የምትቀዱት ልጆችም እንዲሁ። ለእያንዳንዱ እንግዳ ውኃው ተደፍቶ በአዲስ ይተካ ስንላችሁ፣ ጀሪካኑን ተሸክማችሁ ዳገቱን ስንት ጊዜ እንደተመላለሳችሁ እግዚአብሔር ያውቃል። የውኃውን ሙቀት በክርናችሁ እየለካችሁ የምትሰጡትም ነበራችሁ። ያ ትልቅ ጥንቃቄ ነው፤ በታኅሣሥ ብርድ ብዙ ቀን በእግሩ የተጓዘ ሰው፣ ይልቁንም የስኳር ሕመም ያለበት፣ እግሩ ደንዝዞ ውኃው ሲያቃጥለው ላይሰማው ይችላል። ውኃ የቋጠረ ቆዳ አታፍርጡ የተባላችሁትንም ጠብቃችኋል። በእናንተ እጅ ቆስሎ የሄደ ሰው አላየሁም።

አሁን ስለ እነዚያ እናት ልናገር።

ነጠላቸውን እስከ መሬት አውርደው ከሰልፉ ጫፍ ቆመው ነበር። ተራቸው ሲደርስ «እኔ ይቅርብኝ፣ ልጄ፣ ሌላውን እጠቢ» አሉ። ጴጥሮስም «የእኔን እግር ለዘላለም አታጥብም» ብሎ ነበር፤ እሱ ግን ያለው ከአክብሮት ነው፣ እሳቸው ያሉት ከሐፍረት ነበር። ነጠላውን ሲገልጡት ሁለቱም እግሮቻቸው እስከ ጉልበት አብጠዋል፣ ቆዳው ጠጥሯል፣ በእጥፋቱ መካከል ቁስልና ሽታ ነበር። ዝሆኔ የምንለው ነው። ከመካከላችን አንዱ ወደ ኋላ ሲል አየሁት፤ ሌላው ደግሞ ቀስ ብሎ «እርግማን ነው፣ በዘር ይመጣል» አለ።

ልጆቼ፣ ይህን ቃል ከአፋችሁ አውጡት። በደጋው ያሉ እግሮች እንዲህ የሚያብጡበት አንዱ ምክንያት አፈር ነው። ጥንት ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘው ቀይ አፈር ላይ ለብዙ ዓመታት ባዶ እግሩን የሚሄድ ገበሬ፣ ደቃቁ ብናኝ በቆዳው ገብቶ ፈሳሽ የሚመልሱለትን ቀጫጭን ሥሮች ይጎዳበታል፤ ፈሳሹ መውጫ አጥቶ እግሩ ውስጥ ይጠራቀማል። ከአንድ ቤተሰብ ሁለትና ሦስት ሰው የሚታመመው አንዳንዱ ሥጋ ለዚህ አፈር ይበልጥ ስለሚጎዳና ሁሉም አንድ ማሳ ላይ ባዶ እግሩን ስለሚውል ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ደቀ መዛሙርቱ «ማን ኃጢአት ሠራ?» ሲሉ ጌታ የመለሰውን ታውቃላችሁ፤ «እርሱ ወይም ወላጆቹ ኃጢአት አልሠሩም»። እኛ ግን ይህን ወንጌል በየዓመቱ እየሰማን ለእነዚህ ሰዎች ልጅ አንድርም፣ በድግስ ላይ ከጎናቸው አንቀመጥም። ያሳዝነኛል።

ከእናንተ አንዷ፣ ታናሿ፣ ተንበርክካ «እናቴ፣ ግድ የለም» አለቻቸው። ነርሷ መጠኑን ራሷ ለክታ ጥቂት በረኪና የጨመረችበትን ውኃ አቀረበችላት፤ ሲበዛ ቆዳ ስለሚያቃጥል ለሌላ ሰው አልሰጠችም። ልጅቱ እግሩን ሩብ ሰዓት ያህል ዘፈዘፈችው፣ በሳሙና በለስላሳው አጠበችው፣ ከዚያም አቡጀዲውን አነሣች። እዚህ ላይ ነው ወንጌሉ የበራልኝ። ጨርቁን በጣቶቹ መካከልና በእያንዳንዱ እጥፋት እያስገባች፣ ሳትፈትግ፣ እየተጫነች እርጥበቱን መጠጠችው። ቁራጩ ሲርስ ሌላ ጠየቀች። ከማጠቡ ይልቅ ማበሱ ረዘመ። በእጥፋቱ መካከል የቀረ እርጥበት ፈንገስ ያበቅላል፣ ፈንገሱ ቆዳውን ይሰነጥቃል፣ በስንጥቁ ጀርም ሲገባ እግሩ እሳት ይሆናል፣ ትኩሳቱ ሰውን አልጋ ላይ ይጥላል፤ ከዚያ ሲነሡ እብጠቱ ጨምሮ ይቆያል። አጥቦ እርጥቡን መተው እንግዲህ ለእነዚህ እናት ጉዳት ነበር። በመጨረሻ ቫዝሊን ቀባቻቸው፤ ሌላው ሄዶ ካልሲና ሰፊ ሸራ ጫማ ገዝቶ መጣ።

እናትየዋ የጠየቁት አንድ ነገር ነው፤ «ይድናል?» ነርሷ አልዋሸችም። የጠጠረው እብጠት ሙሉ በሙሉ እንደማይጠፋ፣ ነገር ግን ይህንኑ በየቀኑ ካደረጉና ጫማቸውን ካላወለቁ ሽታው እንደሚጠፋ፣ እብጠቱም እንደሚቀንስ፣ ትኩሳት ሲጀምራቸው እግራቸውን ከፍ አድርገው እንዲተኙና ወደ ጤና ጣቢያ እንዲሄዱ ነገረቻቸው። እሳቸውም ልጅቱን በሁለት እጃቸው ጉንጯን ይዘው መረቋት። በማግስቱ ቤዛ ኩሉ ሲዘመር በቤተ ማርያም በኩል ከሕዝቡ መካከል ቆመው አየኋቸው፤ ነጠላቸው እግራቸውን አልሸፈነም ነበር።

አንድ የሚያመኝን ነገር ግን አልደብቃችሁም። ያንን እግር በስልኩ ፎቶ ያነሣ ከእኛው መካከል አለ። ፎቶው ከስልክ ወደ ስልክ ዞሯል፤ «እኛ እንዲህ እናገለግላለን» የሚል ተጽፎበታል። ወንድሜ፣ እኚያ እናት ያንን እግር ስንት ዓመት ከሰው ሸሸጉት! ላንተ የገለጡት እንድታጥበው ነው። ዛሬውኑ አጥፋው፣ የላክህላቸውም እንዲያጠፉት ንገራቸው። ንስሐ አባትህንም አማክር። ከአገልግሎቱ አላስወጣህም፤ በሚቀጥለው ጊዜ ግን ስልክህን ደጅ ላይ አስረክበህ ትገባለህ፤ እኔም አብሬህ አስረክባለሁ።

ሳፋዎቹና የተረፈው ሳሙና በእኔ ቤት ናቸው። አቡጀዲው ታጥቦ፣ ፈልቶ፣ ደርቆ በንጹሕ ከረጢት ታስሯል። የቅዱስ ላሊበላ የዕረፍት በዓል ሰኔ 12 ነው፤ ወሩ ዝናብ ሊጀምር የሚችልበት ነውና እግሩ ጭቃ ይዞ ይመጣል፣ ፀሐይም ጨርቅ ላታደርቅልን ትችላለች። ስለዚህ ከግንቦት ጀምሮ ዕጥፍ ቁራጭ መቁረጥ አለብን። መቀስ ያላት ከቅዳሴ በኋላ ትቅረበኝ።